ጨው አነሰ ወይስ ውኃ በዛ፦ ስለ ሶዲየም መውረድ ዳሰሳ

ከቶሮንቶ መካከለኛ ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ ከዶን ሸለቆ ማዶ በሚገኘው በኢስት ዮርክ፣ ደሙን ለምርመራ የሰጠ ሰው ሐኪሙ ጠርቶ ሳይነግረው ውጤቱን በስልኩ ላይ ማየት ከለመደ ሰንብቷል። በገጹ ከተዘረዘሩት ቁጥሮች አንዱ Sodium ይባላል፤ ልኩም ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል በሊትር መሆኑ በጎኑ ይመለከታል፤ ከዚያ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ L የምትል ፊደል ትለጠፍበታለች። ይህችን ፊደል ያየ ወገናችን ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል። አንዱ «ጨው አንሶኛል» ብሎ፣ ስለ ደም ግፊቱ የተከለከለውን ጨው ወደ ወጡ ይመልሳል፤ ሌላው «ሰውነቴ ደርቋል» ብሎ የውኃ ጠርሙሱን አብልጦ ይሞላል። የመጀመሪያው አንዳንድ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን በገዛ እጁ ያከብደዋል።

ያ ቁጥር የሚለካው በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን የጨው ብዛት ሳይሆን በአንድ ሊትር የደም ውኃ ውስጥ ሶዲየም ምን ያህል እንደ ተበተነ ነው፤ ስለዚህም ቁጥሩ በጨው ማነስ ሊወርድ እንደሚችል ሁሉ፣ ጨው ምንም ሳይጎድል በውኃ መብዛት ብቻ ሊወርድ ይችላል። በድስት ያለ ወጥ፣ ጨዉ ከተስተካከለ በኋላ፣ እንግዳ በዛ ተብሎ በውኃ ቢከለስ፣ ከጨዉ አንዲት ቅንጣት ሳትወጣ አልጫ አልጫ እንደሚል ባልትና የምታውቅ ሴት ሁሉ የምታውቀው ነው። በሐኪም ቤት ከሚታየው የሶዲየም መውረድ የሚበዛው የዚህ ዓይነቱ ነው፤ በሰውነት ውስጥ መውጣት የነበረበት ውኃ ሳይወጣ ቀርቶ ጨዉን አቅጥኖታል። እንግዲህ L የምትለው ፊደል የምታስነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ «ውኃው ለምን አልወጣም?» የሚለው ነው፤ ይህ ዳሰሳም የሚከተለው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ውኃው በዝቶ በመቆየቱ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው አንጎል ነው። የደሙ ውኃ ሲቀጥን፣ ውኃ በጠባዩ ቀጭን ካለበት ወፍራም ወዳለበት ስለሚያልፍ፣ ወደ ሕዋሳት ውስጥ ይገባና ያሳብጣቸዋል፤ የእጅና የእግር ሥጋ ቢያብጥ ቦታ አያጣም፤ አንጎል ግን በራስ ቅል አጥንት ተከብቦ ስለሚኖር የሚሰፋበት ስፍራ የለውም። እብጠቱ ቀስ ብሎ በቀናትና በሳምንታት የመጣ እንደ ሆነ፣ አንጎል ከሕዋሳቱ ውስጥ የራሱን ሟሚ ነገሮች እያስወጣ እብጠቱን ያስታግሣል፤ በዚህም ምክንያት ሶዲየሙ 122 የደረሰ ሰው በእግሩ እየሄደ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ይታያል። በሰዓታት ውስጥ የወረደ እንደ ሆነ ግን አንጎል ራሱን ለማዘጋጀት ጊዜ ስለማያገኝ፣ ያው 122 ራስ ምታትን፣ ትውከትን፣ የአእምሮ መደናገርን፣ ከዚያም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥን ያመጣል። ቁጥሩ ብቻውን ሁሉን የማይናገረው ስለዚህ ነው፤ በምን ያህል ጊዜ እንደ ወረደ ማወቅ ከቁጥሩ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ውኃን የማስወጣቱ ሥራ የኩላሊት ነው፤ ኩላሊትን የሚያዘው ደግሞ ከአንጎል ሥር ካለች ደቃቅ ዕጢ ወደ ደም የሚገባው ቫዞፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ሲበዛ ኩላሊት ውኃውን መልሶ ወደ ደም ያስገባና ሽንቱ ጥቂትና ወፍራም ይሆናል፤ ሆርሞኑ ሲጠፋ ውኃው ይለቀቅና ሽንቱ ብዙና ቀጭን ይሆናል። ጤነኛ ሰው ውኃ ባበዛ ጊዜ ሆርሞኑ ወዲያው ስለሚቋረጥ፣ በደህና የሚመገብ ከሆነ በቀን ከ10 ሊትር በላይ መሽናት ይችላል፤ በሰዓት ሲታሰብ ግን የኩላሊት አቅም አንድ ሊትር ገደማ ነው። ይህን ያህል አቅም ያለው አካል በሁለት በሦስት ሊትር ውኃ እንዴት ይሸነፋል? መልሱ ሦስት ነገር ይጠቀልላል፤ አንድም ሆርሞኑ መቋረጥ ሲገባው ሳይቋረጥ ሲቀር ነው፤ አንድም ኩላሊት ሽንትን የሚያቀጥንበት ክፍሉ በመድኃኒት ሲታሰር ነው፤ አንድም ውኃውን ይዞ የሚወጣ ሟሚ ነገር ከምግብ ሲጠፋ ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማሳየት፣ በብዙ ቤት ከሚታየው ነገር የተውጣጣች አንዲት እናት በምሳሌ እናቁም።

እኒህ እናት 74 ዓመታቸው ነው፤ ክብደታቸው 60 ኪሎ ነው፤ በኢስት ዮርክ ከፍ ካሉት የመኖሪያ ፎቆች በአንዱ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የደም ግፊታቸው አልታዘዝ ስላለ፣ ሐኪማቸው በቀድሞው መድኃኒት ላይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን 25 ሚሊግራም ክኒን ጨመሩላቸው፤ ይህም ሰው ሁሉ የውኃ ክኒን ወይም የሚያሸና መድኃኒት የሚለው ነው። ልጃቸው የመድኃኒቱን ስም ስትሰማ ፈራች፤ «እማዬ፣ ይህ የሚያሸና ነው፤ ሰውነትሽ እንዳይደርቅ ውኃ አብዢ» አለቻቸው፤ ማለዳ ወደ ሥራ ስትወጣም ሁለት ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ሞልታ ከወንበራቸው አጠገብ ታኖርላቸው ጀመር። እናትም የልጃቸውን ቃል አክብረው፣ ቅዳሴ በሌለበት ቀን ጾሙን እስከ ሰባት ሰዓት አቆይተው፣ ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን ጨርሰው፣ ማታ ደግሞ ሦስት አራት ብርጭቆ ሻይ ይጨምሩበት ነበር። ምግባቸው በዚያ ሰሞን ቀንሶ ነበር፤ ለአንድ ሰው ሽሮ መሥራት ስለሰለቻቸው ዳቦ በሻይ፣ አንዳንድ ቀንም ጥቂት የምስር ወጥ በግማሽ እንጀራ ይቀምሱ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ ማቅለሽለሽ ያዛቸው፤ ሲነሡ ይንገዳገዱ፣ የጀመሩትን ወሬም ይዘነጉ ጀመር። ልጃቸው ይህን ከጾሙ ድካም ቆጠረችው፤ እርሳቸውም «እርጅና ነው፣ ልጄ» አሏት። ደማቸው ሲመረመር ሶዲየማቸው 126፣ ፖታሲየማቸውም 3.2 ሆኖ ተገኘ፤ ከአንድ ዓመት በፊት ሶዲየማቸው 138 ነበር።

አስቀድሞ ክኒኑን እንመልከት። ታያዛይድ የሚባለው የመድኃኒት ወገን በክሎሮታያዛይድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ርካሽ፣ የሚዋጥና ለደም ግፊት የሚረዳ በመሆኑ በዓለም ተሰራጭቷል፤ በአገራችን ጤና ጣቢያዎችም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሚታወቁት የግፊት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ክሎርታሊዶንና ኢንዳፓማይድ የሚባሉትም በጠባያቸው የእርሱ ዘመዶች ናቸው። መድኃኒቱ የሚሠራው ኩላሊት ከሽንት ውስጥ ጨውን መልሶ በሚወስድበት በመጨረሻው ደቃቅ ቱቦ ላይ ነው፤ ያ ቱቦ ደግሞ ጨውን ከውኃ እየለየ ሽንትን የሚያቀጥን ስፍራ ነውና፣ ሲታሰር ኩላሊት ቀጭን ሽንት የመሥራት ኃይሉን ያጣል። እንግዲህ «የውኃ ክኒን» የተባለው መድኃኒት፣ ጨውንና ውኃን አንድ ላይ እያስወጣ፣ ንጹሕ ውኃን ለይቶ የማስወጣቱን መንገድ ግን ይዘጋል። ፉሮሰማይድ የሚባለውና ለልብ ድካምና ለእግር እብጠት የሚታዘዘው ክኒን ከዚህ እጅግ በበለጠ ያሸናል፤ ነገር ግን የሚሠራው በሌላ ቱቦ ላይ ሆኖ ኩላሊት ውኃን መልሶ የሚስብበትን ኃይል ጭምር ስለሚያዳክም፣ ሶዲየምን የማውረዱ ነገር ከታያዛይድ ያነሰ ነው። ብዙ የሚያሸናው መድኃኒት ይበልጥ አደገኛ ነው የሚለው የቤት ግምት በዚህ ነገር አይሠራም።

ይህ ጉዳት ሁሉን አያገኝም፤ የውኃ ክኒን ከሚወስዱት የሚበዙት ሶዲየማቸው ሳይነካ ለዓመታት ይኖራሉ። ይበልጥ የሚያገኛቸው አረጋውያንን፣ ከእነርሱም ሴቶችን፣ ከሴቶችም ሰውነታቸው ቀጠን ያለውን ነው፤ ብዙውን ጊዜም ክኒኑ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ ባሉት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ይታያል። ነገር ግን ለብዙ ዓመት ተስማምቶት የኖረ ሰውም፣ በመካከል ሌላ ምክንያት ሲጨመርበት፣ ማለት ተቅማጥ ሲይዘው፣ ምግብ ሲጠላ ወይም ለመንፈስ ጭንቀት አዲስ ክኒን ሲጀምር፣ ሊወድቅበት ይችላል። የእኛ ወገን በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ታያዛይድ ከሌላ የግፊት መድኃኒት ጋር በአንድ ክኒን ተደባልቆ ስለሚሸጥ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣውንና በቶሮንቶ የታዘዘለትን፣ ስማቸው የተለያየ መስሎት፣ አንዱን መድኃኒት ሁለት እጥፍ የሚውጥ ሰው አይጠፋም። ሁለቱንም ዕቃ ይዞ ወደ ፋርማሲ ሄዶ ማሳየት ይህን በአንድ ጊዜ ይገልጠዋል።

አሁን ወደ እናቲቱ ማዕድ እንመለስ፤ እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ሳይታወቅ የሚያልፈው ምክንያት በዚህ ላይ ነውና። ኩላሊት ንጹሕ ውኃ ብቻውን መሽናት አይችልም፤ በእያንዳንዱ ሊትር ሽንት ውስጥ ጥቂትም ቢሆን ሟሚ ነገር መኖር አለበት፤ ይህም ከምግብ ጨውና ከፕሮቲን መፈራረስ የሚገኘው ዩሪያ ነው። በደህና የሚበላ ሰው፣ ሐኪሞች ሚሊኦስሞል በሚሉት መለኪያ፣ በቀን ከ600 እስከ 900 ያህል ሟሚ ነገር ያስወጣል፤ ጤነኛ ኩላሊትም ሽንቱን በሊትር እስከ 50 ድረስ ሊያቀጥነው ስለሚችል፣ 600ው ለ12 ሊትር ሽንት ይበቃል። ዳቦ በሻይ የምትበላ እናት ግን በቀን 300 ያህል ብቻ ቢኖራት፣ ኩላሊቷ ጤነኛ እንኳ ቢሆን ከ6 ሊትር በላይ ልትሸና አትችልም። ክኒኑ የማቅጠኑን ኃይል ወስዶ ሽንቷ በሊትር ከ300 በታች አልቀጥን ካለ ደግሞ፣ የ300ው ድርሻ አንድ ሊትር ሽንት ብቻ ነው። እናቲቱ ከጠርሙሱና ከሻዩ በቀን ሦስት ሊትር ያህል ይጠጣሉ፤ አንድ ሊትር ይሸናሉ፤ ከትንፋሽና ከቆዳ በቅዝቃዜው ወራት ሊትር የማይሞላ ይወጣል፤ የቀረው ከአንድ ሊትር በላይ የሆነው በየቀኑ በሰውነታቸው ይጠራቀማል።

ምን ያህል ቢጠራቀም ሶዲየሙ ከ138 ወደ 126 ይወርዳል? ባለ 60 ኪሎ አሮጊት በሰውነታቸው ያለው ውኃ 27 ሊትር ያህል ነው፤ ጨው ምንም ሳይጎድል፣ ይህ ውኃ 29 ሊትር ተኩል ቢሆን ብቻ ቁጥሩ 126 ይደርሳል። ትርፉ ሁለት ሊትር ተኩል ነው፤ ይህም በሁለት ሦስት ቀን የሚጠራቀም ነው። በእውነቱ ክኒኑ ጨውና ፖታሲየምም ስለሚያስወጣ፣ ከዚህ ያነሰ ውኃ እንኳ ይበቃል። ሁለት ሊትር ተኩል ውኃ ወደ ሕዋሳት ውስጥ ጭምር ስለሚከፋፈል እግር አያሳብጥም፤ ዓይን አያየውም፤ ቤተ ሰብ ቢጠረጥር ሊያገኘው የሚችለው፣ ሚዛን ላይ ቢያቆማቸውና ምግብ የቀነሰ ሰው ኪሎ ጨምሮ ቢገኝ ነው።

ይህን ስል ጾሙን መንቀፌ እንዳይመስል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ያለበት የጾም ማዕድ ፕሮቲንም ጨውም አለው፤ በዚህ ማዕድ የሚጾም ጤነኛ ሰው ለኩላሊቱ የሚያስፈልገውን ሟሚ ነገር አያጣም። ችግሩ የሚመጣው ማዕዱ ወደ ሻይና ዳቦ ሲወርድና የሚጠጣው ውኃ በዚያው ልክ ሲበዛ ነው፤ ይህም ከጾም ውጭ፣ ብቻቸውን በሚኖሩና ማብሰል በሚከብዳቸው አረጋውያን ሁሉ ላይ ይደርሳል። በዚህ አገር ያሉ ሐኪሞችም ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ከሻይና ከጥብስ ዳቦ የተወሰደ ስም አላቸው። ጠበል የሚጠጣ ምእመንም፣ በባዶ ሆዱ በአንድ ማለዳ ብዙ ሊትር የሚጠጣ ከሆነና የውኃ ክኒን ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ይህንኑ ለሐኪሙም ለንስሐ አባቱም ቢነግር መልካም ነው፤ የሚጠጣውን ጥቂት በጥቂት ማድረግ እምነቱን አይነካበትም፤ የኩላሊቱን የሰዓት ልክ ግን ይጠብቅለታል።

ክኒን ሳይኖር፣ ምግብም ሳይጎድል፣ ውኃ በማብዛት ብቻ ሶዲየም የሚወርድበት ጊዜ አለን? አለ፤ ነገር ግን በተቀመጠ ጤነኛ ሰው ላይ የሚያጋጥም ሳይሆን፣ በአጭር ሰዓት እጅግ ብዙ ውኃ በሚጠጣ ወይም በረጅም ድካም ላይ ባለ ሰው ላይ ነው። ሩጫ፣ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ቫዞፕሬሲንን ያስነሣሉ፤ ሆርሞኑ ተነሥቶ ሳለ የተጠጣ ውኃ መውጫ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2002 በቦስተን ማራቶን ከሮጡት መካከል ደማቸው በመጨረሻው መስመር ላይ የተመረመረ 488 ሯጮች ነበሩ፤ ከእነርሱ ከመቶ 13ቱ ሶዲየማቸው 135 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ ሦስቱ ደግሞ 120ም ያልሞሉ ወይም በዚያው ላይ የቆሙ ነበሩ። ለጉዳቱ የቀረቡት በየውኃ ማደያው እየቆሙ ጠጥተው፣ ከአራት ሰዓት በላይ ሮጠው፣ ከተነሡበት ይልቅ ኪሎ ጨምረው የገቡት ናቸው። ስለ ሩጫ የሚኰራ ሕዝብ ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ በሁለት ሰዓት ከሚጨርሰው ጀግና ይልቅ፣ ለጤናው ብሎ ከኋላ በዝግታ የሚመጣውና «ሳይጠማህ ጠጣ» የተባለው ሰው ነው ለዚህ የሚጋለጠው። ሯጭ ከሩጫ በኋላ ቢደናገርና ቢያስታውክ፣ ደርቋል ተብሎ ውኃ እንዲጨመርለት ከማድረግ በፊት፣ ኪሎው ጨምሮ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ሆርሞኑ ያለ ጊዜው የሚፈስበትን ሕመም የገለጡት እ.ኤ.አ. በ1957 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ዊሊያም ሽዋርትዝና ፍሬድሪክ ባርተር፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነበር፤ መነሻ የሆኗቸውም ሁለት የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ሰፍቷል። ለመንፈስ ጭንቀት የሚሰጡት እንደ ሰርትራሊንና ሲታሎፕራም ያሉ ክኒኖች በአረጋውያን ላይ ሆርሞኑን ያስነሣሉ፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒንም እንዲሁ ነው። የሳንባ ምችና የሳንባ ነቀርሳም ከዚሁ ይመደባሉ፤ ስለዚህ ሶዲየሙ የወረደና ሳሉ የሰነበተ ሰው ሳንባው ሳይታይ መታለፍ የለበትም። የልብና የጉበት ድካም፣ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ መድከምም በየራሳቸው መንገድ ሶዲየምን ያወርዳሉ። ስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በደሙ ያለው ስኳር እጅግ ሲበዛ ውኃን ከሕዋሳት ወደ ደም ስለሚስብ፣ ስኳሩ 22 ሚሊሞል የደረሰ ሰው ሶዲየሙ በ5 ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ይህ የሚስተካከለው ስኳሩ ሲስተካከል ነው እንጂ በጨው አይደለም።

እነዚህን ምክንያቶች እርስ በርስ ለመለየት ደም ብቻ አይበቃም፤ ሽንትም በዚያው ሰዓት መወሰድ አለበት። ሽንቱ በሊትር ከ100 ሚሊኦስሞል በታች እጅግ ቀጭን ሆኖ ከተገኘ፣ ኩላሊቱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ በደሉ ከመጠጡ ብዛት ወይም ከምግቡ ማነስ ነው። ከዚያ በላይ ወፍራም ከሆነ፣ ውኃው በሆርሞን ወይም በክኒን ተይዟል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በሽንቱ ያለው ሶዲየም ይታያል። ሰውነቱ በትውከትና በተቅማጥ ጨው አጥቶ የጨነቀው ሰው ኩላሊቱ ጨውን ስለሚሰስት በሽንቱ ሶዲየም እጅግ ያንሳል፤ በሆርሞን ምክንያት ውኃ የያዘ ሰው ግን በሽንቱ ሶዲየም ያፈስሳል። የውኃ ክኒን የሚወስድ ሰው ክኒኑ ራሱ ጨው ስለሚያስወጣ ይህ ሁለተኛው ምልክት ያሳስታል፤ ስለዚህ ሐኪሙን ከሁሉ አስቀድሞ የሚረዳው ሕመምተኛው የሚውጣቸውን ክኒኖች ሁሉ በከረጢት ይዞ መቅረቡ ነው።

ስለ ፈውሱ ሲነገር አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር አለ፤ ቀስ ብሎ የወረደ ሶዲየም ፈጥኖ ቢነሣ፣ ከመውረዱ ይልቅ መነሣቱ ሊጎዳ ይችላል። አንጎል በቀናት ውስጥ የራሱን ሟሚ ነገር አስወጥቶ ከቀጭኑ ደም ጋር ስለተስማማ፣ ደሙ በድንገት ሲወፍር ውኃው ከሕዋሳቱ በፍጥነት ይወጣና የነርቮች ሽፋን ይላጣል፤ ምልክቱም ከሁለት እስከ ስድስት ቀን ዘግይቶ፣ በንግግር መተሳሰር፣ በመዋጥ ችግርና በእጅ እግር መዛል ይገለጣል። ስለዚህ ሐኪሞች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ወይም ከ10 ሚሊሞል በላይ እንዳይነሣ ይጠነቀቃሉ። የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ግን አይጠበቅለትም፤ ሦስት ከመቶ ጨው ያለበት ወፍራም ፈሳሽ ከ100 እስከ 150 ሚሊሊትር በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ በ4 ወይም በ6 ከፍ ካለ ለአንጎሉ ዕረፍት ይበቃልና፣ ከዚያ በኋላ ይቆማል።

በዚህ ጉዳይ ቶሮንቶ ራሷ የዕውቀት ምንጭ ናት። በሴንት ማይክልስ ሆስፒታል የኩላሊት ሐኪም የነበሩት ሚቸል ሃልፐሪን ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ሰውነት ውኃና ጨው የጻፉት መጽሐፍ በብዙ አገር ሐኪሞች የተማሩበት ነው። በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ሶዲየማቸው ወርዶ በከተማይቱ አምስት ሆስፒታሎች የተኙ ሕሙማን ከ22 ሺህ በላይ የመኝታ መዝገብ ሲመረመር፣ የነርቭ ሽፋን መላጥ የደረሰባቸው 12 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ከ12ቱም ሰባቱ ሶዲየማቸው ፈጥኖ ያልተነሣ ነበሩ። ይህ ውጤት ፍርሃቱን አሳንሶታል፤ ጥንቃቄውን የሚያስተው ግን አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የሚጎዱት በብዛት ቁጥራቸው ከ105 እስከ 110 አካባቢ የወረደ፣ ፖታሲየማቸው ያነሰ፣ ምግብ የተጎዱና መጠጥ የሚያዘወትሩ ስለሆኑ፣ እነርሱን ከሌላው ለይቶ መጠበቅ የሚቻል ነውና።

ወደ እናታችን እንመለስ። ልጃቸው በስልኳ 126ን ባየች ጊዜ ለአንድ ቀን እንኳ ማደር አልነበረባትም፤ ማቅለሽለሽና መዘንጋት ካለ፣ ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። በኢስት ዮርክ ቅርቡ በኮክስዌል ጎዳና ያለው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ቶሮንቶ ኢስት ጄኔራል ይባል የነበረው፣ ማይክል ጋሮን ሆስፒታል ነው፤ ምልክት የሌለበትና እንደ 131 ያለ ቁጥር ያየ ሰው ደግሞ ወደ ሐኪሙ ይደውላል፣ ወይም በ811 ነርስ ያማክራል። ልጅቱ ወሰደቻቸው። በዚያም ክኒኑ ቆመ፤ ውኃው በቀን ወደ አንድ ሊትር ተወሰነ፤ ፖታሲየም ተሰጣቸው፤ ደማቸውም በየስድስት ሰዓቱ ተመረመረ።

በዚህ ጊዜ የሚያስፈራው ነገር በሁለተኛው ሌሊት መጣ። ክኒኑ ከደም ሲወጣ ኩላሊት የማቅጠን ኃይሉን መልሶ ስለሚያገኝ፣ ተይዞ የነበረው ውኃ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። እናቲቱ ቀድሞ በአራት ሰዓት አንድ ብርጭቆ ያህል ወፍራም ሽንት ይሸኑ የነበሩት፣ በሰዓት ሩብ ሊትር፣ እንደ ውኃ የነጣ ሽንት መሽናት ጀመሩ። ነርሷ ይህን ያየችው በመለኪያው ዕቃ ላይ ነው፤ ከደሙ ቁጥር በፊት የሚናገረው ሽንቱ ነውና። ፖታሲየም መስጠትም ራሱ ሶዲየምን ያነሣል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተደርበው ቁጥሩ ከልኩ እንዳያልፍ፣ ውኃ እንዲጠጡ ተፈቀደላቸው፤ ይህ ባይበቃ ሽንቱን የሚገታው ዴስሞፕሬሲን በመርፌ ሊሰጣቸው ተዘጋጅቶ ነበር። በማግስቱ ሶዲየማቸው 132 ሆነ፤ በአራተኛው ቀን 136 ሆኖ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ እግራቸውም ጸና።

ስለ ግፊታቸው አምሎዲፒን የሚባለው፣ የሶዲየምን ነገር የማይነካው ክኒን ታዘዘላቸው። ፋርማሲስቷ ግን መድኃኒቱን ከማስረከቧ በፊት አንድ ሥራ ሠራች፤ «እማማ፣ ያንን የውኃ ክኒን ወንድሙንም ሆነ የተደባለቀውን ዳግመኛ እንዳይወስዱ» ብላ፣ ታያዛይድ የማይስማማቸው መሆኑን ከአለርጂው ዝርዝር አጠገብ በመዝገባቸው ጻፈች። ይህ የጉዳዩ ዋና ነገር ነው፤ በዚህ መድኃኒት አንድ ጊዜ ሶዲየሙ የወረደበት ሰው ደግሞ ቢወስደው እንደገና ይወርድበታል፤ አንዳንዱም በአንዲት ክኒን ብቻ በቀናት ውስጥ ይወርድበታል። የሚቀጥለው ሐኪም የድሮውን ታሪክ ካላወቀ፣ ግፊቱ ከፍ ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ያንኑ ርካሽና የታወቀ ክኒን ነው፤ በአዲስ አበባ ለበዓል የሄዱ እናትም ከማንኛውም መድኃኒት ቤት በሌላ ስም ሊያገኙት ይችላሉ። ልጅቱም የመድኃኒቶቹን ስም፣ ታያዛይድን፣ ክሎርታሊዶንንና ኢንዳፓማይድን፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በካርቶን ጽፋ ከእናቷ ቦርሳ ውስጥ አኖረችው።